የሱቅ ፊት በፎቶ ሲታይ

ባለሱቅ ዕቃውን የሚደረድረው ከውስጥ ሆኖ ነው፤ ክብሪቱም ሻይ ቅጠሉም ለእጁ በሚቀርብበት ቦታ ይቀመጣሉ። መንገደኛው የሚያየውን ለማወቅ ወጥቶ ፎቶ ማንሳት ይበጃል። ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ግን ብዙም አይጠቅም፤ እሱ የሚያሳየው ሊገዛ የቆመ ደንበኛ የሚያየውን ነው። አላፊ አግዳሚው የሚመጣው ከጎን ስለሆነ፣ ሰው ከሚመጣበት ከሁለቱም በኩል፣ ከስድስት ሰባት እርምጃ ርቀት፣ ስልኩን በዓይን ከፍታ ይዞ ማንሳት ያስፈልጋል።

ፎቶው ቴምብር እስኪያክል ድረስ በስክሪኑ ላይ ይነስ። ያን ጊዜም የሚለይ ዕቃ ካለ፣ በጥድፊያ የሚያልፍ ሰው ዓይን የሚገባው እሱ ነው።

መስኮቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የሰፈር ኮንቴነር ሱቅ በምሳሌነት ይታይ። በፎቶው ላይ ከላይ የተንጠለጠሉት የሻምፖ ከረጢቶች መሀሉን ሸፍነውታል፤ የሻጩ ፊትም አይታይም። ባንኮኒው ላይ የከረሜላ ብልቃጥ፣ ማስቲካ፣ ባትሪና ሶፍት ተደባልቀው አንዱም አይለይም። መንገደኛ ሳያስበው የሚገዛቸው ውሃና ብስኩት ደግሞ ታች፣ ከዱቄት ሳሙናው ኋላ ተደብቀዋል።

ማስተካከያው ብዙ ዕቃ አይጠይቅም፤ እንዲያውም መቀነስ ነው። ሻምፖው ወደ አንድ ጠርዝ ይሰበሰባል። የውሃ ጠርሙሶች ብዙ ሰው በሚመጣበት በኩል ይቆማሉ፤ ብስኩቱ በየቀለሙ ተለይቶ ከጎናቸው ይደረደራል። ቀይ ማሸጊያ ከቀይ ጋር ሲሰበሰብ ከሩቅ አንድ ትልቅ ቀለም ሆኖ ይታያል፤ ሲበተን ግን ይጠፋል። መሀሉ ለሻጩ ፊትና ለገንዘብ መቀባበያ ክፍት ይሆናል። ዱቄት ሳሙና ከብስኩትና ከሻይ ቅጠል መራቅ አለበት፤ ሽታው ይጋባል፤ ይህን ደግሞ ፎቶ አያሳይም።

ብርሃንም ያሳስታል። ደጁ ፀሐይ ሲሆን ካሜራው ለውጪው ብርሃን ስለሚመጥን የሱቁን ውስጥ ከልክ በላይ ያጠቁረዋል። ስክሪኑ ላይ ጨለማውን ክፍል በጣት ነካ ማድረግ ይህን ያቃልላል፤ ሆኖም የመጨረሻው ዳኛ ዓይን ነው። በዓይንም ቢሆን ጨለማ ከሆነ፣ አምፖሉ ከመስኮቱ በላይ በውስጥ በኩል ተሰቅሎ ወደ ዕቃው እንዲያበራ ይደረጋል። ከሻጩ ጀርባ የሚንጠለጠል አምፖል የመንገደኛውን ዓይን እየወጋ የዕቃውን ፊት ያጨልማል።

ፀሐይ የሚመታው ጠርዝ ላይ ዘይትና ቸኮሌት አይቀመጥም፤ ዘይት ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ጣዕሙ ይበላሻል። የታሸገ ውሃም ቀኑን ሙሉ እዚያው መዋል የለበትም፤ ለዕይታ ሁለት ሦስት ባዶ ጠርሙስ በቂ ነው።

ከለውጡ በኋላ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ፎቶ ይነሳና ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ቦታ የተቀየረለት ዕቃ በሳምንት ስንት እንደተሸጠ ከቀድሞው ሳምንት ጋር ማስተያየትም ያስፈልጋል፤ በዓል ወይም የደመወዝ ሰሞን ከሆነ ግን ገበያው በራሱ ስለሚደራ ቁጥሩ አያስተማምንም።