ከመድን ድርጅት ለሐዘን ቤት የሚላክ ደብዳቤ

ለቅሶ ቤት የሚደርስ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው በተላከለት ሰው አይደለም። ወይዘሮዋ ፍራሽ ላይ ናቸው፤ ፖስታውን የሚከፍተው የእህት ልጅ ወይም ጎረቤት ነው፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል። ለሐዘንተኛ የሚጽፍ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ይህን ማሰብ አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የገንዘቡ መጠን ባይጻፍ ይሻላል። ማን ስንት እንደሚደርሰው ለራሱ ለተጠቃሚው ለብቻው የሚነገር ነገር ነው፤ ድንኳን ውስጥ ከተሰማማ ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ46 ዓመት መምህር በድንገት አረፉ እንበል። ከዓመታት በፊት የ500,000 ብር የሕይወት መድን ገብተው ነበር፤ ተጠቃሚ አድርገው ያስመዘገቡት ባለቤታቸውን በ60 በመቶ፣ እናታቸውን በ40 በመቶ ነው። ድርጅቱ ለባለቤታቸው እንዲህ ቢጽፍ ደግ ነው፦

«የተከበሩ ወይዘሮ፣ የባለቤትዎን ዕረፍት የሰማነው በጥልቅ ሐዘን ነው። ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብ ፈጣሪ መጽናናትን ይስጥልን። ባለቤትዎ ከእኛ ጋር የሕይወት መድን ውል ነበራቸው። ለእኛ ብለው የሚቸኩሉበት ነገር የለም፤ ሲረጋጉ እርስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ይምጡ። አንድ ጉዳይ ብቻ እንዳይዘገይ እንለምናለን፤ ሞቱን በወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት በ30 ቀን ውስጥ ያስመዝግቡ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከባድ ሥራ ትሠራለች። በብዙ ቤት የወረቀት ጉዳይ የሚነሣው ከአርባው በኋላ ነው፤ ሕጉ ለሞት ምዝገባ የሰጠው ጊዜ ግን ከአርባው ዐሥር ቀን ይቀድማል። ቀኑ ቢያልፍም ማስመዝገብ አይከለከልም፤ ምልልሱና ጣጣው ግን ይበዛል። የሞት የምስክር ወረቀት ደግሞ የመድኑ ክፍያ የሚቆምበት ዋና ማስረጃ ነው።

ወረቀቱን ሲቀበሉ እዚያው ቆሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ክፍያን ከሚያጓትቱ ነገሮች አንዱ የስም አለመመሳሰል ነው፦ በመድን ውሉ ላይ «ኃይለ ማርያም» ተብሎ በሁለት ቃል የተጻፈው በምስክር ወረቀቱ ላይ «ሀይሌ» ሆኖ ይወጣል፣ ወይም የአያት ስም ይቀየራል። የውሉን ቅጂ ይዞ ሄዶ ፊደል በፊደል ማስተያየት፣ ስሕተቱንም ከመስኮቱ ሳይርቁ ማሳረም ነው። ደብዳቤው ይህን ቢያስታውስ ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

የቀረው ብዙ አይደለም፦ የመድን ውሉ ዋና ቅጂ፣ የተጠቃሚዎቹ መታወቂያና ድርጅቱ የሚሰጠው የካሳ መጠየቂያ ቅጽ። ውሉ ቢጠፋም መብቱ አብሮ አይጠፋም፤ ድርጅቱ ዘንድ ቅጂ አለ። የሞቱን ምክንያት የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ሲጠየቅ ግን ቤተሰብ ቅር ይለዋል፤ እንደ ተጠረጠረ ይቆጥረዋል። በተለይ ውሉ በቅርብ የተገባ ከሆነ ድርጅቱ ማመልከቻው ላይ ስለ ጤና የተሞላውን ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር ያስተያያል። ምክንያቱን ሳይገልጹ «የሕክምና ማስረጃ አቅርቡ» ብሎ መጻፍ በእኔ ግምት ጭካኔ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መምህሩ በውሉ ላይ ብድር ወስደው ነበር፤ ከነወለዱ 62,000 ብር ቀርቷል። ያልተከፈለ አረቦንም 3,000 ብር አለ። ሁለቱ ሲቀነሱ 435,000 ብር ይቀራል፤ ለባለቤታቸው 261,000፣ ለእናታቸው 174,000 ብር። ብድሩን ቤተሰቡ ላያውቀው ይችላል፤ ግማሽ ሚሊዮን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ያነሰ ቼክ ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል። ስለዚህ ሒሳቡ ከክፍያው በፊት ለተጠቃሚዎቹ ፊት ለፊት ይገለጽላቸዋል።

በዚህ መሐል የመምህሩ ወንድሞች ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ይነሡ ይሆናል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 827 መሠረት፣ ሟቹ ተጠቃሚውን ለይተው ካስመዘገቡ የሕይወት መድኑ ገንዘብ ከውርሱ አይቆጠርም። ተጠቃሚ ሳይሰየም ቢቀር ወይም ውሉ በደፈናው «ለወራሾቼ» ብሎ ቢያልፍ ግን ገንዘቡ ውርስ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ግድ ይሆናል። ደብዳቤው ጉዳዩ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ በግልጽ ቢናገር የጠበቃ ወጪና የወንድማማች ቅሬታ ይቀንሳል።

ክፍያው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በየስሙ ነው የሚፈጸመው። የመምህሩ እናት ገጠር ከሆኑና የባንክ ሒሳብ ከሌላቸው፣ ያንንም አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ያሻል።