ያውቁ ኖሯል? ኮምፒውተሩን ቀን የምታስረሳው ባትሪ
ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጠፍቶም ሰዓት የሚቆጥረው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ሳንቲም የምታህል ባትሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3 ቮልቷ ሲአር 2032 ናት።

ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ ኃይል ስለሚያገኝ የባትሪዋ መድከም አይታወቅም። መብራት ሲጠፋ ወይም ገመዱ ሲነቀል ግን ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የባዮስ ቅንብሩም አብሮ ይጠፋል። ቀኑ ስለተዛባ ብሮውዘሩ ደህናውን ድረ ገጽ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ይላል።

ለመቀየር ኮምፒውተሩን ዘግተው ገመዱን ይንቀሉ፤ አዲሷን በአሮጌዋ አቀማመጥ ይግጠሙ፤ ከዚያ ባዮስ ገብተው ቀኑንና ቅንብሩን ያስተካክሉ። ቀኑ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ልክ 3 ሰዓት ከተዛባ ግን ጥፋቱ የባትሪዋ ሳይሆን የሰዓት ክልል ቅንብሩ ሊሆን ይችላል።