ዕድሉ ወደ ዜሮ ቢወርድም የማይቆም ነገር፦ የቦሬልና የካንቴሊ ሁለት ሌማዎች



የፕሮባቢሊቲ ኮርስ የወሰድን ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ የምንቀበለው አንድ ሐሳብ አለ። «የአንድ ነገር ዕድል እያነሰ ሄዶ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ነገሩ የሆነ ጊዜ ላይ መከሰቱን ያቆማል» የሚል ነው። ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። መቼ እውነት እንደሚሆንና መቼ እንደማይሆን የሚለዩልን ሁለት አጫጭር ሌማዎች ናቸው። ሌማ ማለት ትልልቅ ቲዎረሞችን ለማረጋገጥ በረዳትነት የሚያገለግል ትንሽ ቲዎረም ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚጠሩት በፈረንሳዊው ኤሚል ቦሬል (1909) እና በጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ካንቴሊ (1917) ስም ነው። በዚህ ጽሑፋችን ሁለቱንም በሳንቲም ጨዋታ እናያቸዋለን።

ሁለት ጨዋታዎች

የተለመደው ሳንቲም በእያንዳንዱ ውርወራ ግማሽ በግማሽ ዕድል አለው። የእኛ ሳንቲም ግን ዕድሉ በየዙሩ እየቀነሰ የሚሄድ ነው እንበል። በመጀመሪያው ጨዋታ፣ በ n-ኛው ዙር የማሸነፍ ዕድላችን 1/n ነው። በ2ኛው ዙር ግማሽ፣ በ10ኛው አንድ አሥረኛ፣ በ100ኛው አንድ መቶኛ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሳንቲም ከየት ይመጣል የሚል ካለ፣ በ n-ኛው ዙር n ወረቀቶችን ከረጢት ውስጥ ጨምሮ ከመካከላቸው አንዷን ብቻ ቀይ ያድርግ፤ ሳያይ ቀዩዋን ካወጣ አሸነፈ።

በሁለተኛው ጨዋታ ዕድሉ 1/n² ነው። ማለትም በ10ኛው ዙር ከረጢቱ ውስጥ 100 ወረቀት፣ በ100ኛው ዙር ደግሞ 10,000 ወረቀት አለ፤ ቀዩዋ ግን ያው አንዷ ናት።

በሁለቱም ጨዋታዎች ዕድሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ጨዋታው ያለማቋረጥ ቢቀጥል፣ ድሉ ለማያልቅ ጊዜ ይደጋገማል ወይስ የሆነ ቦታ ላይ ለዘለዓለም ይቆማል? «ለማያልቅ ጊዜ ይደጋገማል» ስንል በየዙሩ ይመጣል ማለታችን አይደለም። የትኛውም ዙር ላይ ብንቆም ከፊታችን ገና ሌላ ድል አለ ማለታችን ነው።

የሚቆመው ጨዋታ

ከሁለተኛው እንጀምር። 100 ዙር ተጫውተናል እንበል። ከዚህ በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማሸነፍ ዕድላችን ምን ያህል ነው? «ይህ ወይም ያ ወይም ያኛው ይከሰታል» የሚለው ዕድል ከእያንዳንዳቸው ዕድሎች ድምር ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ የሚከተለውን መደመር በቂ ነው፦

1/101² + 1/102² + 1/103² + …

እያንዳንዱ 1/k² ደግሞ ከ 1/(k−1) − 1/k ያንሳል። እነዚህን ልዩነቶች በተከታታይ ስንደምራቸው መካከል ያሉት ሁሉ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው 1/100 ብቻ ነው። ስለዚህ ከ100ኛው ዙር በኋላ፣ ማለቂያ በሌለው ጊዜ ሁሉ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ እንኳ የማሸነፍ ዕድላችን ከመቶ አንድ በታች ነው። ከሚሊዮንኛው ዙር በኋላ ደግሞ ከሚሊዮን አንድ በታች ይሆናል።

ለማያልቅ ጊዜ ለማሸነፍ ከ100 በኋላም፣ ከሚሊዮን በኋላም፣ ከየትኛውም ቁጥር በኋላ ማሸነፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ የዚህ ዕድል ከእነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ሁሉ ያንሳል፤ እንግዲያው ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ሌማ የሚለው ይህንኑ ነው፦ የዕድሎቹ ድምር ውሱን ከሆነ፣ ክስተቱ ለማያልቅ ጊዜ የመደጋገም ዕድሉ 0 ነው። የእኛ ድምር 1.645 ገደማ ላይ ይቆማል።

የማይቆመው ጨዋታ

አሁን ወደ መጀመሪያው እንመለስ። 1 + 1/2 + 1/3 + … የሚለው ድምር ቀስ እያለ ቢያድግም ጣሪያ የለውም። በዚህ ጨዋታ በ k-ኛው ዙር የመሸነፍ ዕድል (k−1)/k ነው። ዙሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ስለሌላቸው ዕድሎቹን ማባዛት እንችላለን። ከ101ኛው እስከ 200ኛው ዙር ባለው ጊዜ አንድም ድል ያለማግኘት ዕድል፦

100/101 × 101/102 × 102/103 × … × 199/200

ነው። የአንዱ ታች ከቀጣዩ ላይ ጋር ይጣፋና 100/200፣ ማለትም ግማሽ ይቀራል። እስከ 1,000 ከሄድን 100/1,000 ወይም አንድ አሥረኛ፣ እስከ ሚሊዮን ከሄድን አንድ አሥር ሺኛ ነው። ሩቅ በሄድን ቁጥር ይህ ዕድል ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስለዚህ ከ100ኛው ዙር በኋላ ድል የመምጣት ዕድሉ 1 ነው። በ100 ፈንታ ሌላ ቁጥር ብናስገባም ስሌቱ ያው ስለሆነ፣ ድሉ ለማያልቅ ጊዜ ይደጋገማል። ሁለተኛው ሌማ ይህ ነው፦ ክስተቶቹ እርስ በርስ ነጻ ከሆኑና የዕድሎቻቸው ድምር ጣሪያ ከሌለው፣ ለማያልቅ ጊዜ የመደጋገም ዕድሉ 1 ነው።

ስለዚህ ወሳኙ ዕድሉ ወደ ዜሮ መውረዱ ሳይሆን የሚወርድበት ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱን የሚመዝንልን ደግሞ ድምሩ ነው።

ነጻነት ሲጠፋ

በመጀመሪያው ሌማ ላይ «ነጻ ከሆኑ» የሚል ቃል አልተጠቀምንም፤ መደመር ብቻ በቂ ነበር። በሁለተኛው ግን ቃሉን ማውጣት አይቻልም። ምክንያቱን እንይ። በየዙሩ አዲስ ዕጣ ከማውጣት ይልቅ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር በዕጣ እናውጣ። በ n-ኛው ዙር የምናሸንፈው ቁጥሩ ከ1/n ካነሰ ነው። የእያንዳንዱ ዙር ዕድል እንደ መጀመሪያው ጨዋታ 1/n ነው፤ ድምሩም ጣሪያ የለውም። የወጣልን ቁጥር 0.03 ቢሆን ግን እስከ 33ኛው ዙር በተከታታይ እናሸንፋለን፤ ከ34ኛው ጀምሮ አንድም ጊዜ አናሸንፍም። ቁጥሩ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከዜሮ እስከበለጠ ድረስ ድሉ የሆነ ቦታ ይቆማል። ዙሮቹ ሁሉ በአንድ ዕጣ ስለተሳሰሩ ሁለተኛው ሌማ አይሠራም።

ይህ ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ቅርብ ጉዳይ ነው። በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ የተሰኩ ማሽኖች ብልሽት እርስ በርስ ነጻ አይደለም፤ መስመሩ ሲቋረጥ ሁሉም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ ሁለተኛውን ሌማ ከመጠቀማችን በፊት «የጋራ መንስኤ አለ ወይ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

በኮምፒውተር ብንሞክረውስ?

የመጀመሪያውን ጨዋታ በኮምፒውተር ሚሊዮን ዙር ብናስኬደው በአማካይ የምናገኘው 14 ያህል ድል ብቻ ነው። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 1,000 ዙሮች ያልቃሉ። ቀጣዩን አንድ ሚሊዮን ዙር ብንጨምር ደግሞ አንድም ድል ያለማየት ዕድላችን ግማሽ ነው። ስክሪኑን የሚያይ ሰው «ቆሟል» ቢል አይፈረድበትም፤ ግን አልቆመም። የትኛውም ሙከራ መጨረሻ ስላለው ጥያቄውን የሚመልሰው ድምሩ እንጂ ስክሪኑ አይደለም።

ከ100ኛው ዙር በኋላ የሚመጣውን ቀጣይ ድል በአማካይ ስንት ዙር እንጠብቃለን ብለን ብናሰላም የሚገርም መልስ እናገኛለን። እስከ N-ኛው ዙር ድረስ ገና እየጠበቅን የመሆን ዕድላችን 100/N ነው፤ አማካዩን ለማግኘት እነዚህን ሁሉ መደመር አለብን፤ ይህ ድምር ደግሞ ጣሪያ የለውም። ድሉ የመምጣት ዕድሉ 1 ነው፤ አማካይ የጥበቃው ጊዜ ግን ማለቂያ የለውም።

ዕድሉ 1/√n የሆነ ጨዋታስ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ድምሩን ራሳችሁ ሞክሩት።