የክራር ክር ለምን ይረግባል?

በጎንደር በፒያሳ አካባቢ ካሉት አዝማሪ ቤቶች በአንዱ ያመሸ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ክራር መቺው ሁለት ሦስት ዘፈን ከተጫወተ በኋላ ጆሮውን ወደ ክሩ ዘንበል ያደርጋል፤ መቃኛውን ትንሽ ይጠመዝዛል፤ ከዚያም እንዳልነበረ ሆኖ ይቀጥላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንኑ ይደግማል። አጠገቡ ያለው ማሲንቆ መቺ ግን ብዙም አይጨነቅም። የእርሱ ክር አንድ ብቻ ስለሆነ ድምፁ ቢወርድ ዘፋኙም አብሮት ይወርዳል። ክራሩ ግን አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ አንዱ ብቻውን ሲወርድ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይኸ ነው። መቃኛውን ማንም ሳይነካው፣ ክሩም ሳይበጠስ፣ ድምፁ ለምን ይወርዳል?

ብዙ ሰው ክሩ ከታሰረበት ስለሚንሸራተት ነው ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ለመለየትም አይቸግርም። ክሩ ቀንበሩን በሚነካበት ቦታ ላይ በእስክሪፕቶ አንድ ነጥብ ያድርጉበት። ነጥቡ ከቦታው ከተነቃነቀ ጥፋቱ የማሰሪያው ነው፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ የሚወርደው በድንገት፣ ከፍ ዝቅ እያለ ነው። ነጥቡ ባለበት ጸንቶ ድምፁ በዝግታና ያለማቋረጥ ከወረደ ግን የረገበው ክሩ ራሱ ነው። ርዝመቱ ሳይለወጥ ውጥረቱ ቀንሷል ማለት ነው። የፊዚክስ ሰዎች ይህን የውጥረት መርገብ ይሉታል።

የጥንቱ የክራር ክር ከአንጀት ወይም ከጅማት ይሠራ ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ የምናየው ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ዓይነት የናይለን ክር ነው። ናይለን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ዋላስ ካሮዘርስ ይመራው በነበረው የምርምር ክፍል የተፈጠረ ፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት እጅግ ረዣዥም ከሆኑ ሰንሰለት መሰል ሞሌኪውሎች የተሠራ ነገር ሲሆን፣ ሰንሰለቶቹ በመጠኑ ተሰልፈው፣ በመጠኑም እንደ ተወሳሰበ ፈትል እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ይገኛሉ። አንጀትና ጅማትም፣ የማሲንቆው የፈረስ ጭራም የተፈጥሮ ፖሊመሮች ናቸውና በዚህ ረገድ አዲሱ ክር ከአሮጌው በባሕርይ አይለይም።

ነገሩ በቁጥር እንዲጨበጥ አንድ ክር እንውሰድ። ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በሴኮንድ 220 ጊዜ እንዲርገበገብ ተቃኝቷል እንበል። የናይለንን ክብደት አውቀን ስናሰላው ይህን ድምፅ ለመስጠት 21 ኒውተን ያህል ውጥረት ያስፈልጋል። ይህም ከሁለት ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ዕቃ በክሩ ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው። በዚህ ኃይል ክሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ተለጥጧል። የርግብግቢቱ ቁጥር የሚከተለው የውጥረቱን ካሬ ሥር ስለሆነ፣ ውጥረቱ 4 በመቶ ቢቀንስ ድምፁ 2 በመቶ ያህል ይወርዳል። ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ የሚወረደው እርምጃ፣ 6 በመቶ ያህል ነው።

አሁን ወደ ክሩ ውስጥ እንግባ። ፍጹም የሆነ ሞላ ቢሆን ኖሮ፣ የተሳበውን ያህል ኃይል ለዘላለም ይዞ በቆየ ነበር። ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ወዲያው ፈስሶ ውጥረት የሚባል ነገር ባልኖረው ነበር። ናይለን ከሁለቱም አለበት፤ ቪስኮኤላስቲክ የሚለው ረጅም ስም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁለት ዕቃዎችን በሐሳብ ይዘው ይነሣሉ። አንደኛው ሞላ ነው። ሁለተኛው ወፍራም ዘይት በተሞላ ቱቦ ውስጥ የሚሄድ ፒስተን ነው፤ ማር የሞላበትን ሲሪንጅ መግፋት ማለት ነው። ቀስ ብለው ሲገፉት ይሄዳል፤ በኃይል ሲገፉት ይቃወማል፤ ሲለቁት ግን ባለበት ይቀራል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ሞላው የሰንሰለቶቹን መሳሳብ፣ ፒስተኑ ደግሞ አንዱ ሰንሰለት በሌላው ላይ እየተንሸራተተ የሚያደርገውን ጉዞ ይወክልልናል።

ነገሩን ቀድሞ ያስተዋለው ጀርመናዊው ቪልሄልም ቬበር ነው። በ1835 የሐር ክር ላይ ሸክም ሲያንጠለጥል ክሩ ወዲያው ከተለጠጠ በኋላ እንደገና በዝግታ መርዘሙን እንደሚቀጥል ጻፈ። ከዚያም በ1867 ጄምስ ክላርክ ማክስዌል መርገብን በሒሳብ ገለጠው። ዛሬ በእርሱ ስም የሚጠራው ሥዕል ሞላውንና ፒስተኑን በአንድ መስመር ተከታትለው የታሰሩ አድርጎ ያሳያል። ክሩን ስንወጥር መጀመሪያ የሚለጠጠው ሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ጠቅላላ ርዝመቱ ባይለወጥም፣ ሞላው ፒስተኑን እየጎተተ ራሱ ያጥራል፤ ባጠረም መጠን ኃይሉ ይደክማል፤ ኃይሉ በደከመ መጠንም ጉተታው ይዘገያል። ቀመሩ T = T₀·e^(−t/τ) ነው። τ የተባለችው ምልክት የመርገቢያ ጊዜ ትባላለች፤ ፒስተኑ በወፈረ መጠን ትረዝማለች።

ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን በክራራችን እንፈትነው። አዲሱ ክር ከተቃኘ ከ1ኛው እስከ 10ኛው ደቂቃ ድረስ 4 በመቶ ውጥረት አጣ እንበል። በማክስዌል ቀመር τ 220 ደቂቃ ይሆናል። በዚሁ ሒሳብ ብንቀጥል፣ በ1,000ኛው ደቂቃ፣ ማለትም ማታ የተቃኘው ክራር በማግስቱ ቀን ሲነሣ፣ ከውጥረቱ የሚቀረው 1 በመቶ ብቻ ነው። ክሩ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንዘላዝሎ በተገኘ ነበር። ይህ እንደማይሆን ክራር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያደረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በማግስቱ ድምፁ ወርዶ ይገኛል እንጂ ክሩ አይንዘላዘልም።

ሁለቱን ዕቃዎች በተከታታይ ሳይሆን ጎን ለጎን ብናስራቸውስ? ይህ የኬልቪንና የፎይክት ሥዕል ነው። ክሩ ላይ የሁለት ኪሎ ከረጢት ብናንጠለጥል ፒስተኑ ሞላውን እያዘገየው ቀስ በቀስ ይረዝማል። ሸክሙ ሳይለወጥ ርዝመቱ ሲጨምር ነገሩ ማዝገም ይባላል፤ ቬበር በሐሩ ላይ ያየው ይህንን ነበር። ለማዝገም ይህ ሥዕል በከፊል ይረዳል፤ ለመርገብ ግን ምንም አይጠቅምም። ርዝመቱ ከተያዘ ፒስተኑ አይንቀሳቀስም፤ ፒስተኑ ካልተንቀሳቀሰ የሞላው ኃይል አይቀንስም፤ ክራሩም ፈጽሞ ከቅኝቱ ባልወጣ ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛ ዕቃ እንጨምር። የማክስዌልን ጥንድ እንዳለ ይዘን ጎኑ ላይ አንድ ብቸኛ ሞላ እናስር። ጥንዱ ይረግባል፤ ብቸኛው ሞላ ግን ጸንቶ ይይዛል። የመጨረሻው ውጥረት ከመጀመሪያው 88 በመቶ ይሁን። ያንኑ የ4 በመቶ ኪሳራ እንዲሰጠን τ 22 ደቂቃ ልትሆን ይገባል። አሁን ክሩ አልተንዘላዘለም፤ ነገር ግን ሌላ ስሕተት ይመጣል። በዚህ ሒሳብ ክሩ በ100ኛው ደቂቃ መርገቡን ከሞላ ጎደል ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ ሊነቃነቅ አይገባውም። የእውነተኛው ናይለን ክር ግን እያዘገመም ቢሆን መርገቡን ይቀጥላል።

ምክንያቱ ሰንሰለቶቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። አጭሩና ልቅ የሆነው በሴኮንድ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ረጅሙና የተጠላለፈው ሰዓታት ወይም ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ብዙ የማክስዌል ጥንዶችን ጎን ለጎን ማሰር ያስፈልጋል፤ የአንዱ τ ደቂቃ፣ የሌላው ሰዓት፣ የሌላው ሳምንት ይሆናል። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል። ውጤቱም በግምት እንዲህ ነው፦ ከ1 እስከ 10 ደቂቃ የጠፋው ያህል ከ10 እስከ 100፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ከ100 እስከ 1,000 ደቂቃ ይጠፋል። በምሳሌአችን በማግስቱ ቀን 12 በመቶ ጠፍቷል፤ 220 የነበረው ድምፅ ወደ 206 ወርዷል፤ ከግማሽ ድምፅ ጥቂት ይበልጣል። ሌላ 4 በመቶ ለማጣት እስከ 10,000ኛው ደቂቃ፣ ማለትም አንድ ሳምንት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል።

የአዝማሪው ችግር እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ሳምንት የሞላቸው ስድስት ክሮች በአንድ ምሽት ውስጥ ጆሮ የሚሰማው ለውጥ አያመጡም። አንዱ ተበጥሶ በአዲስ ሲተካ ግን፣ አዲሱ ከ10ኛው ደቂቃ ጀምሮ በአራት ሰዓት ውስጥ 5.6 በመቶ ውጥረት ያጣል፤ ድምፁም የግማሽ ድምፅን ግማሽ ያህል ይወርዳል። አምስቱ ቆመው አንዱ ብቻ ይወርዳል ማለት ነው። ስድስቱም እኩል ቢወርዱ ኖሮ ከጭብጨባው መካከል ማን ባወቀው!

ሙቀትና እርጥበትም እጃቸው አለበት። ሙቀት ሲጨምር የፒስተኑ ዘይት ይቀጥናል፤ ሁሉም τ በአንድነት ያጥራል። ስለዚህ ሰው በታፈገበት ሞቃት ቤት የሚረግበው ክር በደባርቅ ብርድ ውስጥ ያንኑ ያህል ለመርገብ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። ናይለን ከአየሩ ውኃ ይመጣል፤ ውኃውም በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ ያለሰልሳቸዋል፤ በመሆኑም የሐምሌ ክር ከጥር ክር ይልቅ ልል ነው። ክራሩ የለበሰው ቆዳም በእርጥበት ይረግባልና በክረምት ጥፋቱን ሁሉ ለክሩ መስጠት አይገባም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ጊዜ ካለ ክሩን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ወጥሮ ማሳደር ነው። ጊዜ ከሌለ፣ አዲሱን ክር ከሚፈለገው ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ አድርጎ ወጥሮ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ማውረድ ነው። ከዚህ በላይ መሳብ ግን ክሩን ይበጥሳል፣ ወይም ተመልሶ እስከማያውቀው ድረስ ይለጥጠዋል። በዚህ ዘዴ የሚሠራ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥመዋል። ክሩን ካወረደው በኋላ ድምፁ እንደ ልማዱ መውረዱን ትቶ ለጥቂት ደቂቃ በራሱ ከፍ ይላል። በብዙ ጥንዶች ሥዕል ይህ አያስደንቅም። ክሩ ሲላላ ፈጣኖቹ ጥንዶች ከመጠን በላይ ረግበው ስለነበር አሁን በተቃራኒው ተገፍተዋል፤ ያንን ግፊት እያራገፉ ሲሄዱ ጠቅላላው ውጥረት ይጨምራል። ዘገምተኞቹ ጥንዶች ተራቸው ሲደርስ ድምፁ እንደገና መውረድ ይጀምራል፤ ስለዚህ ክሩ ከፍ ሲል አይቶ መቃኛውን ወዲያው መንካት አይበጅም።