ማሳከኩን የሚያቆመው ጠብታ

የዓይን ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ልጅ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፣ ዕድሜውም ከአምስት እስከ ዐሥር ዓመት። ክፍል ውስጥም ሆነ ኳስ ሜዳ ላይ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ያሻል፤ ተኝቶም አይተወውም። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ዓይኑን መግለጥ ይቸግረዋል፣ ጠዋት ደግሞ ነጭና እንደ ክር የሚሳብ ዓይናር ይወጣዋል። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ዓይነ ማዝ ነው ብሎ ፎጣውን ይለይበታል። ሕመሙ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቨርናል የሚባለው ብርቱ የዓይን አለርጂ ነው። ቀዝቃዛ አገሮች ውስጥ በጸደይ ይቀሰቀሳል፤ ሞቃት፣ ደረቅና አቧራማ በሆኑ አካባቢዎች ግን ዓመቱን ሙሉ ሊዘልቅ ይችላል።

ሐኪሙ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ሲያይ ውስጡ በትልልቅ እባጮች ተሞልቶ ሊያገኘው ይችላል። አፍሪካውያን ልጆች ላይ ግን ዋናው ምልክት ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፦ ጥቁሩና ነጩ የዓይን ክፍል በሚገናኙበት ዙሪያ ሥጋው ያብጣል፣ ይጠይማል፣ አንዳንዴም ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ይወጡበታል። ሕመሙ ሲጠና የፊተኛው ጥርት ያለ የዓይን ሽፋን ይቆስላል። ለዓመታት ሲታሽ የኖረ ዓይን ደግሞ ይህ ሽፋኑ ሊሳሳና ወደ ፊት ሊሾል ይችላል።

እናት ልጇን ይዛ መድኃኒት ቤት ትሄዳለች። ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ ይሰጣታል፤ አንዳንዴም ከጸረ ባክቴሪያ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ስቴሮይድ መሆኑን ማንም አይነግራትም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳከኩ ይቀራል፣ ቅላቱ ይጠፋል፣ ልጁም እንቅልፍ ይተኛል። ጠብታው ሲቆም ግን አለርጂው ይመለሳል። እናትም ባዶውን ጠርሙስ አሳይታ ሌላ ትገዛለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ያልፋል። እሷን መውቀስ አይገባም፤ ልጇን ሲያሽለው በዓይኗ ያየችው መድኃኒት ይኸው ብቻ ነው።

ጉዳቱ ግን እሷ በማታየው በኩል ይመጣል። ዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፤ ይህ ፈሳሽ በጥቃቅን መውጫዎች በኩል ይወጣል። ስቴሮይድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ መውጫዎቹን እያጠበበ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል። መደበኛው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ጠብታው በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ በልጆች ላይ አንዳንዴም ከዚያ ፈጥኖ፣ ቁጥሩ ከ30 ሊያልፍ ይችላል። ቀስ በቀስ የሚወጣ ግፊት አያምም፣ ዓይንን አያቀላም፣ ልጁም አይሰማውም። የዓይን ነርቭ በግፊቱ መጎዳት ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠፋው የጎን እይታ ነው፤ ግላኮማ የሚባለውም ይህ ነው። መምህሩ ልጁ ሰሌዳ እየተጠጋ እንደሚያነብ እስኪያስተውል ድረስ ነርቩ ብዙ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

ሁለተኛው ጉዳት የዓይን ሞራ ነው። ስቴሮይድ የዓይንን ሌንስ ከጀርባው በኩል ያደፈርሳል፣ ልጁም በተለይ ብርሃን ሲበዛ ብዥ ይልበታል። ይህን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል። ግላኮማው ግን እንዲህ አይደለም፤ ሕክምናው የቀረውን እይታ ከማትረፍ አያልፍም።

ታዲያ ስቴሮይድ ጭራሽ አይነካ ማለት አይደለም። ዓይኑ ሲቆስል ወይም ሕመሙ በጣም ሲበረታ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ልዩነቱ አሰጣጡ ላይ ነው። ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ያዝዘዋል፣ በየጊዜው መጠኑን እየቀነሰ ያቆመዋል፣ በመካከልም ግፊቱን ይለካል። ሕመሙን በረጅሙ የሚቆጣጠረው ሌላ ጠብታ ነው፤ ክሮሞግላይኬት ወይም ኦሎፓታዲን ይሆናል። ክሮሞግላይኬት ኃይሉን ለማሳየት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ በቀንም አራት ጊዜ ይደረጋል። ብዙ ቤተሰብ በሦስተኛው ቀን ለውጥ ሲያጣ «አልሠራም» ብሎ ይተወውና ወደ ቀድሞው ጠርሙስ ይመለሳል። ለከባዱ ሕመም ሳይክሎስፖሪን የተባለ ጠብታ አለ፤ ሲነካ ቢያቃጥልም ግፊት አይጨምርም። ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ንጹሕ ጨርቅ ዓይን ላይ ማድረግም ማሳከኩን ያበርደዋል።

አብዛኞቹ ልጆች ወደ ጉርምስና ሲገቡ ሕመሙ እየለቀቃቸው ይሄዳል። ስለዚህ የሐኪሙ ሥራ ዓይኑን እስከዚያ ሳይጎዳ ማድረስ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ጠርሙስ ላይ ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ስም ካለ ስቴሮይድ ነው። ልጁ ለሳምንታት ሲጠቀምበት ከቆየ በራስ ፈቃድ በድንገት ከማቆም ጠርሙሱን ይዞ ዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይሻላል። ሲደርሱም ለስንት ጊዜ እንደተጨመረ መናገር፣ ግፊቱ እንዲለካ፣ ነርቩና ሌንሱም እንዲታይ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጁ አሁን ዓይኑን ባያሳክከውም ምርመራው አይቅርበት።