ወርቅ ሲገዙ ከመክፈል በፊት፦ ሚዛን፣ ውሃና ክር

በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላካቸው የወርቅ ጡቦች ወርቅ የተቀባ ብረት ሆነው በመገኘታቸው ተመልሰዋል። አገሪቱን የሚያክል ገዢ የተታለለበት ይህ ቅብ፣ በወልድያ ወይም በሀብሩ ወረዳ መርሳ ከተማ ለጥር ሠርግ ጌጥ የሚገዛውን አርሶ አደርም ሊያታልለው ይችላል። ቀለምና ማህተም ማስረጃ አይሆኑም፤ «21» የሚለው ቁጥር ናስ ላይም ይመታልና።

ቅቡ ሊደብቀው የማይችለው ክብደትን ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝን ንጹሕ የወርቅ ጡብ በብረት ቢሠራ፣ በመጠን እኩል ሆኖ ሳለ ከግማሽ ኪሎ በታች ይመዝናል። ለትንሽ ጌጥ ግን የእጅ ግምት አይበቃም፤ የግራም መቶኛን የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ጌጡ በደረቁ ይመዘናል፤ 12 ግራም ሆነ እንበል። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያም ጌጡ በቀጭን ክር ታስሮ፣ የብርጭቆውን ወለልና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ሚዛኑ 0.70 ቢያሳይ 12 ለ0.70 ሲካፈል 17.1 ይመጣል። የ21 ካራት ወርቅ ውጤት በ16.9 እና በ17.5 መካከል፣ የ18 ካራት ደግሞ በ15 እና በ16 መካከል ስለሚውል ጌጡ ከ21 ካራት ጋር ይስማማል። በወርቅ የተቀባ ናስ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ 1.40 አካባቢ ባሳየ፣ ውጤቱም ወደ 8.6 በወረደ ነበር።

በሰንሰለት ቀለበቶች መካከል የተያዘ አየር እውነተኛውን ወርቅ ሐሰተኛ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ነቅነቅ አድርጎ አረፋውን ማስወጣት ያሻል። ውስጡ ባዶ የሆነ አምባር ወይም ፈርጥ ያለው ቀለበት በዚህ መንገድ አይፈተንም። ማግኔትም የሚያጋልጠው ብረትን ብቻ ነው፤ ናስና መዳብ አይሳቡም። በተቃራኒው የእውነተኛ ሐብል መቆለፊያ ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት ሞላ ልትሳብ ስለምትችል፣ በእርሷ ብቻ ሻጩን ሌባ ማለት አይገባም።

ወርቅ ሠሪዎች ጌጡን በጥቁር ድንጋይ ላይ አሽተው አሲድ ያንጠባጥቡበታል። ቅቡ ወፍራም ከሆነ ግን ድንጋዩ ላይ የሚቀረው የቅቡ ወርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ከማይታይ ጎን በሞረድ ትንሽ እንዲቧጠጥና የተቧጠጠው ቦታ ድንጋዩ ላይ እንዲታሽ ይጠይቅ። ናስ ከሆነ መስመሩ አሲድ ሲነካው ይጠፋል።

ለጡብ ግን የውሃው ፈተናም ላይበቃ ይችላል። ተንግስተን የተባለው ብረት ክብደቱ ከንጹሕ ወርቅ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል፤ ማግኔትም አይስበውም። ጡቡ እስከ እምብርቱ ቢሰረሰር ወይም ለሁለት ቢቆረጥ ግን ውስጡን ማወቅ ይቻላል። ሻጩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ገንዘቡ ከኪስ ባይወጣ ይሻላል።