የፅንሱ ፆታ መቼ ይታወቃል?

የፅንስ ፆታ የሚወሰነው በተፀነሰበት ቅጽበት ነው። የእናት እንቁላል የሚይዘው ኤክስ ክሮሞዞም ነው፤ የአባት ዘር ኤክስ ይዞ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ይዞ ከመጣ ወንድ ይፀነሳል። አካሉ ግን ይህን ለማሳየት ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወንዱም ሴቷም በእግሮቻቸው መካከል ያላቸው አንድ ዓይነት ትንሽ ጉብታ ነው። በወንዱ ጉብታው ቀስ በቀስ ወደ ወንድ ብልት፣ በሴቷ ወደ ቂንጥር ያድጋል። አልትራሳውንድ የሚያየው ቅርጽን በመሆኑ ይህ ልዩነት እስኪፈጠር መጠበቅ ግድ ይለዋል፤ የደም ምርመራ ደግሞ የሚፈልገው ክሮሞዞሙን ስለሆነ ቀድሞ ይደርሳል።

እዚህ ላይ የሳምንቱ አቆጣጠር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሐኪሞች እርግዝናን የሚቆጥሩት ከተፀነሰበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፅንሱ ትክክለኛ ዕድሜ በሁለት ሳምንት ያህል ይበልጣል። የመጨረሻ የወር አበባዋ መስከረም 1 የጀመረ ሴት ጥቅምት 20 ሰባት ሳምንት፣ ኅዳር 11 አሥር ሳምንት፣ ኅዳር 25 ደግሞ አሥራ ሁለት ሳምንት ይሞላታል።

የደም ምርመራው መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዚያ ዓመት ዴኒስ ሎ እና ባልደረቦቹ ወንድ ልጅ ባረገዙ እናቶች ደም ውስጥ የዋይ ክሮሞዞም ቁርጥራጮች እንደሚገኙ አሳዩ። ቁርጥራጮቹ የሚመጡት በዋነኛነት ከእንግዴ ልጁ ሲሆን፣ ከወሊድ በኋላ በአጭር ጊዜ ከእናት ደም ስለሚጠፉ ያለፈ እርግዝና ውጤቱን አያዛባም። ከክንድ የተቀዳው ደም ላቦራቶሪ ገብቶ ዋይ ከተገኘበት ፅንሱ ወንድ ነው ይባላል፤ ካልተገኘ ሴት ናት ይባላል። የሴቷ ውጤት የተመሠረተው በሌለ ነገር ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ደሙ ከሰባተኛው ሳምንት በፊት ከተቀዳ የፅንሱ ቁርጥራጭ በጣም አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ወንዱ ሳይታይ አልፎ «ሴት» ሊባል ይችላል። ከአሥረኛው ሳምንት ጀምሮ ግን መጠኑ በአብዛኛው በቂ ስለሚሆን ውጤቱ በጣም አስተማማኝ ነው። መንታ ሲሆን ዋይ መገኘቱ የሚናገረው ቢያንስ አንደኛው ወንድ መሆኑን ብቻ ነው። በተቃራኒው በኩል፣ ሴት ያረገዘች እናት ደም ውስጥ ዋይ የሚገኝበት አጋጣሚም አለ፦ ገና በጅምሩ የጠፋ ወንድ መንታ ከነበረ፣ እናቲቱ ከወንድ የተለገሰ ኩላሊት ወይም ሌላ አካል ካላት፣ ወይም ናሙናው በወንድ እጅ ከተበከለ።

በአልትራሳውንድ የመጀመሪያው ምልክት የጉብታው አቅጣጫ ነው። ባለሙያው ፅንሱን በጎን በኩል አድርጎ ያይና ጉብታው ከጀርባ አጥንቱ መስመር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ይገምታል። ከ30 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ቀና ካለ ወንድ፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሆኖ ከጀርባው ጋር ትይዩ ከሆነ ሴት ነው። መሃል ላይ ከወደቀ መወሰን አይቻልም። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ይህ ግምት በተደጋጋሚ ይስታል፤ በአሥራ ሦስተኛው ግን በሠለጠነ እጅ እምብዛም አይሳሳትም።

ከአሥራ ስምንተኛው እስከ ሃያ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከላይ በተጠቀሰችው ሴት ቀን ከጥር 7 ጀምሮ፣ ማዕዘን መለካት አያስፈልግም። በወንዱ ብልቱና የቆለጥ ከረጢቱ፣ በሴቷ የብልት ከንፈሮቿ እንደ ሁለት ወይም ሦስት ትይዩ ነጫጭ መስመሮች ሆነው ይታያሉ። ቆለጦቹ ወደ ከረጢቱ የሚወርዱት በኋላ ስለሆነ ከረጢቱ ባዶ መሆኑ የሚያሳስብ አይደለም። አሳሳች የሆነው እትብት ነው፤ በእግሮቹ መካከል ሲያልፍ የወንድ ብልት ይመስላል። ባለሙያው የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየውን የማሽኑን ክፍል ሲከፍተው እትብቱ በቀለም ይሞላና ይለያል። ፅንሱ እግሩን ካጣመረ ወይም ጀርባውን ከሰጠ ግን ምንም ዓይነት ማሽን አይረዳም፤ እናቲቱ ጥቂት ተራምዳ ብትመለስ ወይም ሌላ ቀን ብትቀጠር ከግምት የተሻለ ነው።

ቶሎ ማወቁ ለሕክምና የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች አሉ። ደም ያለመርጋት ችግር የሆነውን ሄሞፊሊያን በዘሯ የተሸከመች እናት ወንድ ልጅ ካረገዘች ልጁ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። በደም ምርመራ ሴት መሆኗ ከተረጋገጠ፣ በመርፌ ከእንግዴ ልጅ ናሙና መውሰድና ከእሱ ጋር የሚመጣው ትንሽ የውርጃ አደጋ ሊቀር ይችላል።

አልፎ አልፎ ደሙ «ወንድ» ብሎ አልትራሳውንዱ ሴት ያሳያል፣ ወይም ተገላቢጦሹ ይሆናል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው የናሙናውን ስምና የሳምንቱን ቁጥር ማጣራት፣ ቀጥሎም ደሙንና አልትራሳውንዱን መድገም ነው። ልዩነቱ አሁንም ከቀጠለ፣ የፅንሱ የፆታ ዕድገት ከተለመደው መንገድ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዳዩ የዘር ሕክምና ወደሚያውቅ ሐኪም ይላካል።